ፕላኑ በሥራ መካከል ሲለወጥ ተቋራጩ የሚጠይቀው ተጨማሪ ክፍያ

ቤት ወይም መጋዘን የሚያሠራ ነጋዴ ሐሳቡን በሥራው መካከል ቢለውጥ ለተቋራጩ ምን ያህል መጨመር ይገባዋል? ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው።

በባሕር ዳርና በወረታ መካከል በምትገኘው በሐሙሲት አንድ ነጋዴ የፎገራን ሩዝ የሚያከማችበት መጋዘን ለማሠራት ተዋዋለ እንበል። በውሉ የእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ ተዘርዝሯል፤ ይኸውም ኮንክሪት በሜትር ኩብ 12,000 ብር፣ ብረት በኪሎ 130 ብር፣ የብሎኬት ግድግዳ በካሬ ሜትር 900 ብር ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ ብረቱ ከታሰረ በኋላ ነጋዴው፣ «ወደ ፊት ፎቅ ልጨምርበት አስቤአለሁና መሠረቱና ዓምዶቹ ይወፍሩ፤ የውስጡ መለያ ግድግዳ ግን ይቅር» ሲል በቃል አዘዘ። ተቋራጩም እንደ ታዘዘው ሠርቶ 500,000 ብር ተጨማሪ ጠየቀ።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከውሉ ዋጋ ነው። የጨመረው ሥራ በውሉ ከተዘረዘረው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ በዚያው ዋጋ ይታሰባል። ስለዚህ 14 ሜትር ኩብ ኮንክሪት 168,000 ብር፣ 1,500 ኪሎ ብረት 195,000 ብር ይሆናል። የታሰረውን ብረት ፈትቶ እንደገና ማሰር ግን በውሉ ዋጋ የለውምና በሠራተኛው ቀንና በደመወዙ ተቆጥሮ 22,000 ብር ሆነ። የቀረው 30 ካሬ ሜትር ግድግዳ 27,000 ብር ይቀነሳል። ተገቢው ጭማሪ እንግዲህ 358,000 ብር ነው።

የቀረው 142,000 ብር ከየት መጣ? ተቋራጩ በመጀመሪያው ሥራ ላይ የሲሚንቶ ዋጋ ስለ ጨመረበት ያንንም አብሮ አስቦት ነበር። ይህ ግን ከፕላኑ መለወጥ ጋር አይገናኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1764 እንደሚደነግገው፣ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደ ጸና ይቆያል። ስለ ዋጋ ማስተካከያ በውሉ የተጻፈ ቃል ከሌለ ጭማሪው በተቋራጩ ላይ ይቀራል።

ክርክሩን የሚያከብደው ትእዛዙ በቃል መሰጠቱ ነው። የዚሁ ሕግ ቁጥር 1722 በተለየ ፎርም የተደረገ ውል ሲለወጥም በዚያው ፎርም እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አዲሱ ፕላን፣ የሚጨምረውና የሚቀነሰው መጠን ከነዋጋው፣ እንዲሁም የሚጨመረው ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት። በዋጋው ባይስማሙ እንኳ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ብረቱንና ጉድጓዱን አብረው ለክተው ይፈራረሙ። ከተሸፈነ በኋላ 1,500 ኪሎ ይሁን 1,000 ማንም በዓይኑ አይቶ ሊመሰክር አይችልምና።

ተቋራጩም ጥያቄውን ማዘግየት የለበትም። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመው የፊዲክ የግንባታ ውል ተቋራጩ ጥያቄ እንዳለው በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። በትንሹ ውልም ቀኑን ወስኖ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።