80 ካሬው ቤት 102 ቆርቆሮ የሚበላው ለምንድን ነው?

በሕንፃ መሣሪያ ገበያ ውስጥ የጣሪያ ቆርቆሮ ብዛት ብዙውን ጊዜ የሚገመተው በወለል ስፋት ነው። ቤቱ 10 ሜትር በ8 ሜትር ነው ሲባል ደላላው 80 ካሬ ይላል፤ አንዱ ቆርቆሮ 2 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 1.60 ካሬ ነው በማለት ያካፍልና “50 ቆርቆሮ ይበቃል” ብሎ ይደመድማል። በዚህ ስሌት ዋጋ ቆርጦ የተዋዋለ ሥራ ተቋራጭም ሆነ ገንዘቡን በልክ መድቦ የገዛ ባለንብረት አናጢው ሥራው መሐል ሲደርስ ያቆምበታል። ለሁለተኛ ጊዜ የጭነት መኪና ይከራያል፤ መደብሩ ያንኑ ውፍረትና ቀለም ባይኖረው ደግሞ ጣሪያው ሁለት ዓይነት ሆኖ ይቀራል።

ለዚሁ ቤት በትክክል የሚያስፈልገው 102 ቆርቆሮ ነው። ከ50 እስከ 102 ያለው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

የተዳፋቱ ርዝመት

ቤቱ በግራና በቀኝ የሚወርድ ባለ ሁለት ተዳፋት ጣሪያ አለው እንበል። የጣሪያው አናት በ10 ሜትሩ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ጣሪያው በአራቱም ወገን ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይወጣል። ስለዚህ በአግድም የሚሸፈነው ርዝመት 11.20 ሜትር ነው። ከአናቱ ሥር እስከ ጣሪያው ጠርዝ ያለው አግድም ርቀት ደግሞ 4 ሜትር ሲደመር 60 ሳንቲ ሜትር፣ 4.60 ሜትር ይሆናል።

አናቱ ከግድግዳው ራስ 1.60 ሜትር ከፍ ይላል። እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ። ወራጁ ግድግዳውን አልፎ ሲወጣ መውረዱን አያቆምም፤ በዚያች 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሌላ 24 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ለስሌቱ የሚወሰደው ከፍታ 1.84 ሜትር ነው። 4.60 በራሱ ሲባዛ 21.16፣ 1.84 በራሱ ሲባዛ 3.39 ይሆናል፤ ድምሩ 24.55፣ የዚህም ካሬ ሥር 4.95 ሜትር ነው። ውኃው ወደ አሸንዳው እንዲገባ ቆርቆሮው ከጠርዙ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለፍ ስላለበት የተዳፋቱ ርዝመት 5 ሜትር ይሆናል። ወራጁ ቀድሞ ከቆመ ሒሳቡ አያስፈልግም፤ ከአናቱ እስከ ጠርዙ በሜትር መለካት ይበቃል።

በዚህ ልክ የሁለቱ ተዳፋቶች ስፋት 112 ካሬ ነው። ለ1.60 ሲካፈል 70 ቆርቆሮ ይመጣል። የ50ው ግምት ገና ከመነሻው 20 ጎድሎበታል ማለት ነው።

መደራረቡ የሚወስደው

ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ ተገጣጥሞ አይመታም። በጎን አንዱ በሌላው ላይ ቢያንስ አንድ ተኩል ሞገድ መደረብ አለበት። ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ጉብታ 7.6 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ቆርቆሮ አንድ ተኩል ሞገድ 11.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ ከመጀመሪያው በስተቀር በእያንዳንዱ ረድፍ የሚሸፍነው 68.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ስሌቱም እንደሚከተለው ነው። የመጀመሪያው ቆርቆሮ 80 ሳንቲ ሜትሩን ሙሉ ይሸፍናል። ከ11.20 ሜትር የቀረው 10.40 ሜትር ለ68.6 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል 15.16 ይመጣል። ሩብ ወይም ግማሽ ረድፍ ስለማይመታ 16 ይባላል፤ ከመጀመሪያው ጋር 17 ረድፍ ይሆናል።

ከታች ወደ ላይ ሲኬድ ደግሞ የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ይደረባል። ተዳፋቱ ከዚህ ቤት የበለጠ ዝርግ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው 2 ሜትር፣ ሁለተኛው 1.85 ሜትር ሲሸፍኑ 3.85 ሜትር ይደርሳሉ። 5 ሜትር ለመሙላት ሦስተኛ ቆርቆሮ የግድ ነው። በመሆኑም 17 ረድፍ በ3 ቆርቆሮ፣ በ2 ተዳፋት ሲባዛ 102 ይሆናል።

“ብልሽት” ተብሎ የሚጨመረው 10 በመቶ ይህን ክፍተት አይሞላውም። 70 ላይ 10 በመቶ ቢጨመር 77 ነው፤ ገና 25 ይጎድላል። መደራረቡ ብቻውን ቁጥሩን ከ70 ወደ 89 ያደርሰዋል። የቀረው 13 ቆርቆሮ የሚመጣው ቆርቆሮ የሚገዛው በሙሉ በመሆኑ ነው።

ትርፉ የት ይገኛል?

ከሦስተኛው ቆርቆሮ የሚፈለገው 1.30 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ረድፍ 70 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ሁለት ቁራጭ በ15 ሳንቲ ሜትር መደራረብ ቢቀጠል 1.25 ሜትር ይመጣል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል፣ አንድ ተጨማሪ የሚያፈስ ቦታም ይፈጥራል። ስለዚህ ከመቀጣጠል ይልቅ ሳይቆርጡ መደራረቡን ማስፋት፣ ወይም ቁራጩን ለአጥርና ለማድ ቤት ማዋል ይሻላል። እንደ ኢጋ ቆርቆሮ በሚፈለገው ርዝመት ተቆርጦ የሚሸጥ ዓይነት ከተመረጠ ደግሞ 5 ሜትሩ በአንድ ወጥ ቆርቆሮ ስለሚሸፈን የጫፍ መደራረቡም ቁራጩም ይቀራል።

እውነተኛው ቁጠባ ያለው በረድፉ ቁጥር ላይ ነው። 16 ረድፍ የሚሸፍነው 11.09 ሜትር ነው። አሥራ ሰባተኛው ረድፍ የሚገዛው ለ11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። በሁለቱ የቤቱ ጎኖች ከግድግዳ የሚወጣው ትርፍ ከ60 ወደ 53 ሳንቲ ሜትር ቢቀነስ አግድም ርዝመቱ 11.06 ሜትር ሆኖ በ16 ረድፍ ይከደናል። ግዢውም ከ102 ወደ 96 ይወርዳል። ይህ ውሳኔ ግን መወሰድ ያለበት ማገር ከመመታቱ በፊት ነው።

አንዳንድ አናጢዎች ያንኑ ስድስት ቆርቆሮ የሚያተርፉት የጎኑን መደራረብ ወደ አንድ ሞገድ በመቀነስ ነው። በሒሳብ 16 ረድፍ ይበቃል፤ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ግን ውኃው በአንዱ ጉብታ ላይ ተሻግሮ ይገባል። ባለቤቱ ይህን ከኮርኒሱ ማወቅ ይችላል። የውኃው ምልክት ከአናት ወደ ጠርዝ የሚወርድ መስመር ከሠራ ጥፋቱ የጎን መደራረብ ነው። ከአናቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ከሆነ የጫፉ መደራረብ አጥሯል ወይም ከሥሩ ማገር የለም።

ለአናቱ የሚሆነው ክዳን ለብቻ ይቆጠራል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው በ15 ሳንቲ ሜትር ሲደራረብ ለዚህ ቤት 6 ያስፈልጋል። ከላይ የተሰጠው አቆጣጠር የሚሠራው ለባለ ሁለት ተዳፋት ጣሪያ ነው፤ አራት ተዳፋት ባለው ጣሪያ ማዕዘኖቹ በሰያፍ ስለሚቆረጡ እያንዳንዱ ረድፍ በየራሱ ርዝመት መለካት አለበት።

የቆርቆሮው ስፋትና የሞገዱ ልክ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሁለት ቆርቆሮ በመደብሩ በር ላይ ደርቦ በሜትር ቢለካ ይበጀዋል። በዋጋ ማቅረቢያው ላይም ካሬ ሜትር ሳይሆን ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ፦ የረድፍ ብዛት፣ በአንድ ረድፍ ስንት ቆርቆሮ እንደሚገባ፣ የተዳፋት ብዛት። ሦስቱ ከተጻፉ ሻጩም ገዢውም አንድ ዓይነት ብዜት ያገኛሉ።