የቅነሳው ዜና በመጀመሪያው ደቂቃ ይነገር

ሠራተኛ የሚቀንስ ሥራ አስኪያጅ ብዙውን ጊዜ ስብሰባውን የሚከፍተው በገበያው መቀዛቀዝና በድርጅቱ ታሪክ ነው፡፡ ሠራተኛው ግን ይህን ሁሉ አይሰማም፤ የሚጠብቀው የራሱን ዕጣ ነው፡፡ በአማርኛ ደግሞ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነውና ረጅም ዓረፍተ ነገር የጀመረ ተናጋሪ ሰሚውን በጭንቀት አንጠልጥሎ ያቆየዋል፡፡

40 ሠራተኞች ያሉት አንድ አስመጪ ድርጅት የቃሊቲ መጋዘኑን ዘግቶ 9 ሰዎች ሊቀንስ ነው እንበል፡፡ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር አስቀድሞ ተመካክሯል፡፡ ሥራ አስኪያጁ በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት ዘጠኙን ብቻ ሰብስቦ እንዲህ ይላል፦ "የምነግራችሁ መጥፎ ዜና ነው፡፡ መጋዘኑን እንዘጋለን፡፡ የ9ኛችሁም ሥራ ይቋረጣል፡፡ የመጨረሻው ቀን ሰኔ 30 ነው፡፡ ውሳኔው የእኔ ነው፡፡"

"ተወስኗል" ቢል ኖሮ ወሳኙ ማን እንደሆነ ይሰወር ነበር፡፡ "መልሶ ማዋቀር" ቢል ደግሞ ሰዎቹ "ምን ማለቱ ነው?" እየተባባሉ ሲያንሾካሽኩ ቀጣዩ ነገር ሳይሰማ ያልፋል፡፡ "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ማለት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቤተሰብ አይቀነስም፡፡

ከዚያ ዝም ማለት ያስፈልጋል፡፡ አሥር ሰከንድ ያህል፤ ለተናጋሪው በጣም ይረዝማል፡፡ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታውን ለመሙላት "ለእኔም ከባድ ነው" ይላሉ፡፡ በታኅሣሥ 2021 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው የቤት ብድር ኩባንያ ቤተር ዶት ኮም ኃላፊ 900 ያህል ሠራተኞችን በሦስት ደቂቃ ገደማ የቪዲዮ ስብሰባ ሲያሰናብት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሲያደርግ ማልቀሱን ጭምር አወራ፡፡ የጥያቄ ጊዜ አልነበረም፡፡ ቅጂው በዓለም ተሰራጨ፤ ኃላፊውም ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ፡፡

ሥራ አስኪያጃችን ዝምታው ካለፈ በኋላ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ለየአንዳንዱ ደብዳቤ ይሰጣል፡፡ የደነገጠ ሰው ቁጥር አይይዝምና የ2 ወር ማስጠንቀቂያው፣ የስንብት ክፍያው በብርና የሚከፈልበት ቀን በጽሑፍ መኖር አለበት፡፡ ሲናገር ድምፁን ዝቅ፣ ፍጥነቱን ቀስ ያደርጋል፡፡ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከሌለው "እስከ ዓርብ አሳውቃችኋለሁ" ይላል፤ ዓርብም ይመልሳል፡፡

ቀሪዎቹን 31 ሠራተኞች በዚያው ጠዋት፣ ስልኩ ሳይቀድመው ይሰበስባል፡፡ እነሱ የሚጠይቁት "ቀጥሎ እኛ ነን ወይ?" ብለው ነው፡፡ "በፍጹም" ማለት ያጓጓል፤ ግን ከስድስት ወር በኋላ ሁለተኛ ቅነሳ ቢመጣ ያቺ ቃል ትጠቀሳለች፡፡ የሚያውቀው እስከ መስከረም ያለውን ብቻ ከሆነ "እስከ መስከረም ሌላ ቅነሳ አላቀድንም፤ ያን ጊዜ ሒሳቡን አይተን እዚሁ እነግራችኋለሁ" ይበል፡፡