አክሲዮን ሲሸጥ ምን ይሆናል?
(ለገንዘብና ቁጠባ ክበብ የቀረበ ንግግር)

የዛሬው ትምህርታችን ድርጅቶች ለሕዝብ አክሲዮን ሸጠው ገንዘብ እንዴት እንደሚያገኙ ነው።

እዚህ ዳምቦያ ወፍጮ ለመትከል 600,000 ብር ያስፈልጋል እንበል። ከባንክ ቢበደሩ ወፍጮው አተረፈም ከሰረም ብሩ ከነወለዱ ይመለሳል። ሌላው መንገድ 600,000 ብሩን 2,000 እኩል ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን በ300 ብር መሸጥ ነው። አንዷ ክፍል አክሲዮን ትባላለች። የገዛት ሰው አበዳሪ ሳይሆን ባለቤት ነው። ስለዚህ ወፍጮው ሲያተርፍ ይካፈላል፤ ሲከስር ግን «ብሬን መልሱልኝ» ማለት አይችልም።

አሁን ወደ እውነተኛው እንሂድ። ኢትዮ ቴሌኮም የመንግሥት ድርጅት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መንግሥት ከድርጅቱ 10 በመቶውን ለኢትዮጵያውያን ለመሸጥ ወሰነና ሽያጩ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም በቴሌብር ተጀመረ። የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ሲሆን የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ሁሉም ቢሸጥ 30 ቢሊዮን ብር ይገኝ ነበር ማለት ነው። ከወፍጮው የሚለየው፣ እዚህ ባለቤቱ ቀድሞ ከያዘው ላይ ቀንሶ መሸጡ ነው።

አንድ ሰው ቢያንስ 33፣ ቢበዛ 3,333 አክሲዮን መግዛት ይችላል ተባለ። ትንሹን እናስላው፦ 33 × 300 = 9,900 ብር። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። ታዲያ የገዛው ሰው ምን ያገኛል? 100 ሚሊዮኑ 10 በመቶ ከሆነ፣ ጠቅላላው አክሲዮን 1 ቢሊዮን ነው። ድርጅቱ በአንድ ዓመት 5 ቢሊዮን ብር ትርፍ ላከፋፍል ቢል ለአንዱ አክሲዮን 5 ብር ይደርሳል። 33 ያለው 165 ብር ይወስዳል። ይህ ምሳሌ ነው፤ ክፍፍሉ በየዓመቱ ይለያያል፣ ላይኖርም ይችላል።

ሽያጩ ተራዝሞ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ገዝተው ነበር። ገንዘቡ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ሆነ። ያልተሸጠው እዚያው መንግሥት እጅ ቀረ። ከዚህ የምንማረው፣ አክሲዮን ለሽያጭ አቀረቡ ማለት ገንዘቡ ተገኘ ማለት እንዳልሆነ ነው። ገዢው ሲያመነታ ሻጩ ያሰበውን አያገኝም።

ገዢውም ቢሆን አንድ ነገር ይወቅ። አክሲዮን እንደ ባንክ ቁጠባ በፈለጉት ቀን አይወጣም። ብሩን መልሶ ለማግኘት ሌላ ገዢ መገኘት አለበት፤ ያ ገዢ ደግሞ ከ300 በላይም በታችም ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ «አክሲዮን እንግዛ» ሲባል ከሰማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ድርጅቱ ባለፉት ዓመታት ስንት አተረፈ? ብሩ ቶሎ ቢያስፈልገንስ ለማን እንሸጣለን?