አንድ፣ ሰባት፣ አንድ፣ ሰባት፦ ትኩሳት ለያዘው ልጅ ፓራሲታሞል አሰጣጥ

ፓራሲታሞል በልኩ ከተሰጠ ለሕፃናት የሚስማማ መድኃኒት ነው። እኔን ያስቸገረኝ ሌሊት ላይ ትኩሳቱ ሲመለስ «አሁን ብደግመው ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ይህ መመሪያ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ነው። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ካለው ቤት ውስጥ ሳይቆይ ሐኪም ይየው።

1. ልጁን መዝኑት። ልኩ የሚሰላው በክብደት ነው፤ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ማለት ነው።

2. ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አንዱ ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም፣ ሌላው 250 ሚሊግራም ይይዛል። ከመጀመሪያው 5 ሚሊሊትር ለ10 ኪሎው ልጅ ተስማሚ ነው፤ ከሁለተኛው ያው 5 ሚሊሊትር ግን ከልኩ በጣም ያልፋል። አዲስ ጠርሙስ በገዛችሁ ቁጥር እንደገና አንብቡ። በሻይ ማንኪያ ከመስፈር መስመር ባለው ሲሪንጅ መለካት ይሻላል።

3. በ24 ሰዓት ውስጥ የገባውን ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በሁለት ዙር መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት መቆየት አለበት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። ሁለቱም ሕጎች አንድ ላይ መጠበቅ አለባቸው። በየ4 ሰዓቱ የሚሰጥ ሰው ቀንና ሌሊቱን ከቀጠለ 6 ጊዜ ይሰጣል። በእኛ ምሳሌ 6 ጊዜ 120 ሲደመር 720 ሚሊግራም ነው። ለዚህ ልጅ የቀን ጣሪያው በኪሎ 60፣ በድምሩ 600 ሚሊግራም ነው። እያንዳንዱ ዙር ትክክል፣ ክፍተቱም ትክክል ሆኖ ሳለ ድምሩ ጣሪያውን አለፈ።

ጣሪያው የተቀመጠው ጉበትን ለመጠበቅ ነው። ጉበት ፓራሲታሞልን ሲፈጭ ጥቂቱ ወደ መርዛማ ነገር ይለወጣል፤ ይህን የሚያመክነው ግሉታታዮን የተባለ የሰውነት ንጥረ ነገር ነው። ግሉታታዮኑ ካለቀ መርዙ ጉበቱን ይጎዳል። ምግብ እምቢ ያለና የሚያስመልሰው ልጅ ደግሞ ክምችቱ ቶሎ ይመናመናል፤ የታመመ ልጅ እንዲህ ነው።

24 ሰዓቱም ጎህ ሲቀድ እንደ አዲስ አይጀምርም። ቀን 7፣ ቀን 11፣ ምሽት 3 እና ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሰጥታችኋል እንበል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትኩሳቱ ቢመለስ ክፍተቱ 5 ሰዓት ሞልቷል፤ ወደ ኋላ 24 ሰዓት ስትቆጥሩ ግን አራቱም ዙሮች እዚያው አሉ። ቀጣዩ የሚሰጠው ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት አይደለም። እስከዚያ ልብሱን አቅልሉለት፣ ውኃ ወይም የጡት ወተት ደጋግማችሁ ስጡት።

እኔ የምመርጠው በየ6 ሰዓቱ መስጠትን ነው፦ ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ምሽት 1፣ ሌሊት 7። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር አንድና ሰባት እየተፈራረቁ ስለሚመጡ እንቅልፍ ያጣ ሰው እንኳ አይረሳውም፤ ድምሩም በምሳሌያችን 480 ሚሊግራም ላይ ይቆማል። ልጁ ተኝቶ ከሆነ ለሽሮፑ ብላችሁ አትቀስቅሱት። ሰውነቱ ቢሞቅም የሚጫወትና የሚጠጣ ልጅም ላያስፈልገው ይችላል።

4. የተደበቀውን ፈልጉ። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፖች ፓራሲታሞል አለባቸው። ክሊኒክ ውስጥ በፊንጢጣ የተሰጠውም ይቆጠራል፤ ከመውጣታችሁ በፊት ምን፣ ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ጠይቁ።

5. ጻፉት። ሞግዚቷም አያቱም የሚያዩት አንድ ወረቀት ጠርሙሱ ላይ እሰሩ፤ የሰጠ ሰው ሰዓቱንና መጠኑን ወዲያው ይጻፍ። ወረቀቱ ላይ የሌለ ዙር መሰጠቱ ካጠራጠረ እንደተሰጠ ቁጠሩት።

6. ድምሩ ካለፈ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፤ ጠርሙሱንና ወረቀቱን ያዙ። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ደህና ሊመስል ይችላል፤ የዓይን ቢጫ መሆንና የሆድ ሕመም የሚመጡት ጉበቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ ይበልጥ የሚሠራው ግን ከመጠን በላይ ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከፈዘዘ ደግሞ ቀጣዩን ዙር ሳትጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነም ትኩሳቱ በሽሮፑ ቢበርድ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር፤ ፓራሲታሞል ትኩሳቱን እንጂ ወባውን አያክምም።