የአምስቱ ፊደላት ግሩፕ ስለ ምን አይከፈልም?

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ የተባሉትን አምስት ፊደላት ቦታ ለማለዋወጥ 120 መንገድ አለ። ከነዚህ እኩሌታው፣ ማለት 60ው፣ ሁለት ሁለት ፊደል በማቀያየር ሲሠራ የቅያሪው ብዛት ተጋማሽ ቁጥር ነው። እነዚህ 60 ለውጦች አልተርኔቲንግ ግሩፕ ይባላሉ። ምንም ከማይለውጠው ለውጥና ከራሱ ከሙሉው በቀር ኖርማል የሆነ ንዑስ ግሩፕ በውስጡ የለም። ይህንንም በመቁጠር ማስረዳት ይቻላል።

ሀን ወደ ለ፣ ለን ወደ ሐ፣ ሐን ወደ ሀ የሚወስደውን ለውጥ (ሀ ለ ሐ) ብለን እንጻፍ። ከ60ዎቹ በአንዱ የፊደላቱን ስም ብንቀይር፣ ዓይነቱ አንድ የሆነ ለውጥ ይወጣል፤ ይህንም የፊተኛው ዘመድ እንበለው። ንዑስ ግሩፕ ኖርማል የሚባለው አንዱን ለውጥ ሲይዝ ዘመዶቹን ሁሉ የያዘ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ አንድን ቤተሰብ በሙሉ መውሰድ፣ ወይም በሙሉ መተው ግድ ይሆናል።

እንግዲህ ቤተሰቦቹን እንቁጠር። ምንም የማይለውጠው 1 ብቻ ነው። ሦስት ፊደል የሚያዞሩት 20 ናቸው፤ ሦስቱን ፊደል በ10 መንገድ እንመርጣለን፣ ዙሩም ሁለት አቅጣጫ አለው። እንደ (ሀ ለ)(ሐ መ) ያሉት 15 ናቸው፤ የሚቀረውን ፊደል በ5፣ አራቱን ማጣመር በ3 መንገድ ነውና። አምስቱንም የሚያዞሩት 24 ናቸው። ድምሩ 60 ይሆናል።

20ዎቹ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ስም መቀየሪያው ከ60ዎቹ ውጭ ቢሆን፣ ያልተነኩትን ሁለት ፊደላት ጨምረን በማቀያየር እናቃናዋለን። 15ቱም ሀንና ለን አስቀድሞ በማቀያየር እንዲሁ ይቃናሉ። የ24ቱ ነገር ግን ልዩ ነው። (ሀ ለ ሐ መ ሠ)ን ሳይለውጡ የሚተዉት ስም መቀየሪያዎች የራሱ አምስት ዙሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሁሉ ከ60ዎቹ ወገን ስለ ሆኑ የሚያቃና አይገኝም። ስለዚህ የዘመዶቹ ብዛት 60 ለ5 ሲካፈል 12 ነው፤ 24ቱም 12ና 12 ሆነው ይከፈላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቤተሰብ ብዛት 60ን ያለ ቀሪ ማካፈል ስላለበት፣ 24 አንድ ቤተሰብ ሊሆን እንደማይችል ከዚሁ ይታወቃል።

ቤተሰቦቹ እንግዲህ 1፣ 12፣ 12፣ 15፣ 20 ናቸው። ንዑስ ግሩፕ 1ዱን የግድ ይይዛል፤ ብዛቱም 60ን ያካፍላል። ሌላ ቤተሰብ ከጨመረ ቢያንስ 13 ስለሚሆን፣ የሚቀሩት ብዛቶች 15፣ 20ና 30 ብቻ ናቸው። እንዲህም ከሆነ ከ12፣ 12፣ 15ና 20 ውስጥ 14 ወይም 19 ወይም 29 መደመር ያስፈልጋል። 14ና 19 እንደማይገኙ ግልጽ ነው። ለ29ም 12ና 12 ሲደመሩ 24፣ 12ና 15 ሲደመሩ 27 ይሆናሉ፤ የቀሩት ድምሮች ሁሉ ከ29 ያልፋሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ንዑስ ግሩፕ የለም።

በአራት ፊደላት ግን ቤተሰቦቹ 1፣ 3፣ 4፣ 4 ናቸው። 1ና 3 ሲደመሩ 4 ይሆናሉ፤ 4ም 12ን ያካፍላል። በእርግጥም እነዚህ አራቱ ኖርማል ንዑስ ግሩፕ ናቸው። በ1832 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሞተው ጋልዋ ባሳየው መንገድ፣ የአራተኛ ደረጃ እኩልታ በሥር ቀመር ሲፈታ የአምስተኛው ጠቅላላ እኩልታ የማይፈታው ከዚህ ልዩነት የተነሣ ነው።