«ካገሩ የወጣ» ለሴትም እንዲሆን

ጥያቄ፦ «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚለውን አባባል ለስደተኛ እናቶች ሳስተምር ስለ ወንድ ብቻ ሆነብኝ። ዜማው ሳይሰበር እንዴት ይስተካከል?
አስተማሪ፣ ከወድ ኤል ሒለው

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ወንድነቱ ያለው እንደ «ካገሩ»፣ «የወጣ»ና «ቢጭኑት» ባሉ ቃላት ቅርጽ ውስጥ ነው፤ «ሰው» ቢጨመርም ግሱ ወንድ እንደሆነ ይቀራል። «እስኪመለሱ» ቢባል ጾታው ይጠፋል፣ ግን ከ«ፈረስ» ጋር ቤት አይመታም። በአማርኛ «እኛ» ግን ጾታ ስለማይለይ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ካገራችን ወጥተን አገር እስክንመለስ፣
ቢጭኑን አህያ ቢለጉሙን ፈረስ።»

ስድስት ስድስቱ ቀለም አልጎደለም፤ ምሬቱም ከተናጋሪዋ አፍ ስለሚወጣ ይበልጥ ይከብዳል። ስለ ሌላ ሰው ሲነገር ግን አይሆንም፤ ለአንዲት ሴት «ካገሯ የወጣች አገሯ እስክትመለስ፣ ቢጭኗት አህያ ቢለጉሟት ፈረስ» ይባላል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምላስ የሚያደናቅፍ ከሆነ ተረት አዋቂ አረጋዊት ወይም የሥነ ጽሑፍ መምህር ቢሰሙት ይበጃል።