ምግብ ደረት ላይ ሲቆም፦ የታካሚው ቃል ስለ ምግብ ቧንቧ ምን ይነግረናል?

«ትን አለኝ» እና «ከዋጥሁት በኋላ ደረቴ ላይ ቆመ» የሚሉት አነጋገሮች በዕለት ንግግር ቢቀራረቡም ለሐኪም የሚጠቁሙት ቦታ የተለያየ ነው። ሰው ሊውጥ ሲል ወዲያው የሚያስለው ወይም ምግቡ በአፍንጫው የሚመለስ ከሆነ እክሉ በአብዛኛው በአፍና በጉሮሮ ላይ ነው። ምግቡ በደኅና ተውጦ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ከደረት አጥንት ጀርባ ሲቆም ግን ጥርጣሬው ወደ ምግብ ቧንቧ ያመራል። ታካሚው በጣቱ የሚያሳየው ቦታ ይረዳል፤ ሆኖም የሚረዳው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ደረቱን የሚያሳይ ሰው እክሉ ጉሮሮው ላይ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት ሲሆን፣ አንገቱን የሚያሳይ ሰው ግን ችግሩ ከታች፣ ከጨጓራ አፍ አጠገብ ሊሆን ይችላል።

የአዋቂ ሰው ምግብ ቧንቧ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ሲለጠጥም 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሰፋል። ጠጣር ምግብ ዘወትር መቆም የሚጀምረው የውስጡ ስፋት ከ13 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ነው። የክብ ስፋት የሚሰላው በዲያሜትሩ ካሬ በመሆኑ፣ ዲያሜትሩ ከ20 ወደ 13 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ከመተላለፊያው 58 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ እብጠት ባለበት ሰው «አንዳንዴ ይይዘኛል» የሚለው ቃል የበሽታው መነሻ ምልክት አይደለም፤ በሽታው ብዙ ከሄደ በኋላ የሚሰማ ነው።

ለማሳያ ከጫግኒ አካባቢ የመጣ የ52 ዓመት ገበሬ እናስብ። ከአምስት ወር በፊት ቆሎና ደረቅ ቂጣ ይይዘው ጀመር፤ በውኃ እያወረደ ቀጠለ። በሁለተኛው ወር እንጀራውን ወጥ ካላራሰው አልወርድ አለው፤ በሦስተኛው ፍትፍት ብቻ፣ አሁን ደግሞ አጥሚትና ወተት ብቻ ይወስዳል። ክብደቱ ከ61 ወደ 52 ኪሎ ግራም ወርዷል፤ 15 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። መክሳቱን ቤተሰቡ በጾሙ አመካኘ። «ጨጓራ ነው» ተብሎ ለስድስት ሳምንት ኦሜፕራዞል ወስዶ ቃሩ ቀለለት፤ የምግቡ መቆም ግን አልተለወጠም። በወራት ውስጥ ከጠጣር ወደ ፈሳሽ የሚወርድ፣ ከክብደት መቀነስ ጋር የሚመጣ እንዲህ ያለ እክል፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ በካንሰር ይጠረጠራል። ኢትዮጵያ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በሚበዛበት የምሥራቅ አፍሪካ ቀጠና ውስጥ ናት፤ በተለይ አርሲና ባሌ በዚህ ይታወቃሉ። ይህ ግን አዊን ነጻ አያደርግም።

ከእርሱ አጠገብ አንዲት የ28 ዓመት ሴት እናስቀምጥ። ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ገና ከመጀመሪያው ውኃም እንጀራም እኩል ይቆሙባታል። ሌሊት ያልተፈጨ ምግብ ትራሷ ላይ ይመለሳል፤ ጣዕሙም አይኮመጥጥም፣ ጨጓራ አልደረሰምና። እዚህ ቧንቧው በእብጠት አልጠበበም፤ የታችኛው ጡንቻ አልላላ ብሏል፣ ቧንቧውም ምግብን ወደ ታች የሚገፋበትን እንቅስቃሴ አጥቷል። በሽታው አካላዢያ ይባላል። በባሪየም በሚነሣ ራጅ ቧንቧው ከላይ ሰፍቶ ከታች እንደ ወፍ ምንቃር ሾጥጦ ይታያል። ሆኖም ከጨጓራ አፍ አጠገብ የበቀለ ካንሰር ይህንኑ መልክ ሊያስመስል ስለሚችል በራጁ ብቻ መርካት ስሕተት ነው።

ሁለቱን የለየው መሣሪያ ሳይሆን አጠያየቅ ነው። «መዋጥ ያስቸግርሃል?» ብሎ ማቆም ብዙ ይሰውራል፤ እንጀራችን ለስላሳ፣ ወጡም አራሽ በመሆኑ ሰው ሳያውቀው አበላሉን ከጥበቱ ጋር ያስማማል። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው፣ በሌላ አገር ሥጋና ዳቦ ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ መጠይቅን ቃል በቃል ተርጉሞ ለጥናት ማዋል መዘግየቱን አሳንሶ ያሳያል። ይልቅ በቅደም ተከተል ስለ ቆሎ፣ ስለ ደረቅ ቂጣ፣ ወጥ ስላልነካው እንጀራ፣ ስለ ፍትፍት፣ ስለ አጥሚትና ስለ ውኃ መጠየቅ፣ እያንዳንዱ የቆመበትን ወርም መመዝገብ ይሻላል። እንዲህ ያለ መጠይቅ ግን ለጥናት ከመዋሉ በፊት ከኢንዶስኮፒ ውጤት ጋር ተነጻጽሮ መፈተን አለበት።

ለገበሬው ቀጣዩ እርምጃ ሌላ የኦሜፕራዞል ጥቅል አይደለም። በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ኢንዶስኮፒና የናሙና ምርመራ ወደሚገኝበት መላክ ነው። መድኃኒቱ ቃርን ሲያስታግሥ ቧንቧው የዳነ ያስመስላል፤ ያለፉት ስድስት ሳምንታትም የባከኑት በዚህ ነው። አንድ ሁኔታ ግን ተራ ቀጠሮ አይጠብቅም፦ ጉርሻው ቆሞ ምራቁን እንኳ መዋጥ ያቃተው ሰው በዚያው ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ኢንዶስኮፒ ያስፈልገዋል። ባሪየም አይሰጠውም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ የሚያየውንም ሐኪም እይታ ይጋርዳል።